መጨረሻውን ሳይናገሩ አንድ ምዕራፍ እንዴት ይጠቃለላል? (ጥያቄውና 18 መልሶች)

መጀመሪያ አንድ ማሳሰቢያ። ወሬው ሁሉ ስለ ቺኑዋ አቼቤ ልብ ወለድ ስለ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ሰባተኛ ምዕራፍ ነው። እዚያ ያልደረሰ ሰው አንብቦ ይመለስ። ከሰባተኛው በኋላ የሚሆነውን ግን እዚህ አታገኙትም። መልሶቹን በራሴ አነጋገር ነው የማቀርበው፤ ወደፊት ያለውን የነካ ሰው ካለ ያቺን ክፍል ዘልያታለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ጠያቂው አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኝ የንባብ ክበብ አባል ነው። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ያነባሉ። ውይይቱ ሳይጀመር አንድ ሰው ተራ ይዞ ምዕራፉን ያጠቃልላል፤ ማን ምን አደረገ፣ ማን ምን ዓይነት ሰው ነው፣ የሚያነሳውስ ጉዳይ ምንድን ነው የሚለውን ማለት ነው። አሁን ተራው የእሱ ሆኗል። ችግሩ እሱ መጽሐፉን ዩኒቨርሲቲ እያለ ጨርሶታል፤ ሌሎቹ ግን ገና አሁን ነው የሚያነቡት። መጽሐፉ 25 ምዕራፍ አለው፤ እነሱ ሰባተኛው ላይ ናቸው።

ረቂቁን ለጥፎ ሁለት ነገር ጠየቀ። ምን ያህል ይርዘም? መጨረሻውን የሚያውቅ ሰውስ ምንም ሳያስነቃ እንዴት ይጽፋል? ረቂቁ ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር። ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከኦኮንኮ አባት ይጀምርና የመጀመሪያዎቹን ስድስት ምዕራፎች ይተርካል። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ይሮጣል። የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ ይህ ምዕራፍ የምን መጀመሪያ እንደሆነ ይናገራል። የምን እንደሆነ አልደግመውም፤ ግን እሷን አንቀጽ ያነበበ የክበብ አባል ቀሪውን መጽሐፍ በሌላ ዓይን ነው የሚያነበው።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያዋ መላሽ ለብዙ ዓመት የንባብ ክበብ የመራች ሴት ናት። አመስግና ጀመረች፤ ሙሉ ረቂቅ ለጥፎ የሚጠይቅ ሰው እንደማይገኝ ተናገረች። ከዚያ ወደ ርዝመቱ ገባች። ምዕራፉ ራሱ ረጅም አይደለም። ስለዚህ ማጠቃለያው ከግማሽ ገጽ አይበልጥ፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ይለቅ። አባላቱ ምዕራፉን አንብበው ነው የሚመጡት። የሚፈልጉት ማስታወሻ ነው እንጂ እንደገና መተረክ አይደለም።

ካለፉት ምዕራፎች መምጣት ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው አለች። ልጁ ኢኬሜፉና ማን እንደሆነና ለምን ኦኮንኮ ቤት እንዳለ። ከኦኮንኮ ጎሳ ከኡሙኦፊያ የሆነች አንዲት ሴት በጎረቤት ጎሳ በምባይኖ ገበያ ላይ ተገደለች፤ ጦርነት እንዳይነሳ ምባይኖዎች ልጁን ከአንዲት ልጃገረድ ጋር ካሳ ሰጡ። ልጁ የጎሳው ነው። ኦኮንኮ ጠባቂው ብቻ ነው። ይህች ነገር ካልተጠቀሰች ልጁን የመግደሉ ውሳኔ ከኦኮንኮ የመጣ ይመስላል፣ ምዕራፉም በሙሉ ይዛነፋል።

2ኛ መልስ

አጭርና ቆራጥ። ከምዕራፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በኋላ የሆነውን ነገር አለመጻፍ ነው፤ በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም የሚል። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም መነሻው ልክ ነው እላለሁ። አይበቃም እንጂ።

3ኛ መልስ

እዚህ ላይ አንድ ጋሼ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ተረዱት። እሳቸው መጨረሻ መደበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ነው ያልገባቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አነሱ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሁሉ ሰምቶ የለም ወይ? ርዕሱስ ቢሆን ምን ይደብቃል? ሆኖም ዛሬም ድረስ ይነበባል። የአቼቤም ርዕስ ራሱ ነገሮች እንደሚፈርሱ ይናገራል። ጥሩ መጽሐፍ መጨረሻው ቢታወቅም አይጎድልም ነው ክርክራቸው። አያይዘውም ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ዓመት፣ በ1958 መውጣታቸው እንደሚገርማቸው ጻፉ።

4ኛ መልስ

አንድ ወጣት በትህትና አረማቸው። የአቼቤው 1958 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ 1950 ማለት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ግን በእኛው 1958 ነው። መካከላቸው ስምንት ዓመት አለ። ጋሼም አመስግነው አለፉ። ስለ መጨረሻው ያሉት ግን መልስ ሳያገኝ ቆየ፤ ለእኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የሚያነብ ሰው መጨረሻውን ማወቁ ያተርፈዋል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የማንበብ ዕድል አንዴ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ያንን ለሌላ ሰው መወሰን የአጠቃላዩ፣ ማለትም ምዕራፉን የሚያጠቃልለው ሰው፣ ሥራ አይደለም።

5ኛ መልስ

ከዚህ ሁሉ ረጅሙ ይኼ ነው። የጻፈችው ሥነ ጽሑፍ ታስተምር የነበረች፣ መጽሐፉን ደጋግማ ያስተማረች ሴት ናት። የሁለተኛውን መልስ ሰው በቀጥታ ነው የተቃወመችው። ከምዕራፉ አንድ እርምጃ ሳይሻገሩ መጨረሻውን ማሳበቅ ይቻላል አለች። ማስረጃዋንም ከረቂቁ አወጣች።

አንደኛ፣ ጊዜን የሚጠቁሙ ቃላት። ረቂቁ ገና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዚህ ወዲያ፣ በስተመጨረሻ የሚሉ ቃላትን በየቦታው በትኗቸዋል። ኦኮንኮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ አደረገ ከተባለ አድማጩ ሁለተኛ ጊዜ እንዳለ ወዲያው ያውቃል። የሚገርመው አጠቃላዩ እነዚህን ቃላት ሲጽፍ አይታወቀውም፤ መጨረሻውን ስለሚያውቅ ራሳቸው ይመጡለታል።

ሁለተኛ፣ የገጸ ባሕርያት መግለጫ። ረቂቁ የኦኮንኮን ልጅ ንዎዬን በአንድ ቅጽል ገልጾታል። ቅጽሉ ልክ ነው፤ ግን ከኋለኞቹ ምዕራፎች የተገኘ ነው። ሰባተኛው ላይ ስለ ንዎዬ የምናውቀው ሌላ ነው አለች። ኢኬሜፉና ከመጣ ወዲህ እንደ ታላቅ ወንድም ተከትሎታል። ከእናቱ ጎጆ ወጥቶ ማታ ማታ ከአባቱ ጋር ይቀመጣል። አባቱ የጦርነትና የደም ታሪክ ሲያወራ ያዳምጣል፤ ወንድ የሚያሰኘው ይህ እንደሆነ ያውቃል። ልቡ ግን እናቱ የምትነግረው ተረት ላይ ነው፣ የኤሊዋና የሰማይና የምድር ጠብ ላይ። ይኼ በሁለት ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ ንዎዬ ሕያው ሆኖ ታየ ማለት ነው። ወደፊት ምን እንደሚሆን ቅጽል አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ጭብጡ ነው። ረቂቁ ጭብጡን የተደመደመ ፍርድ አድርጎ ጻፈው። ጭብጥ ከሙሉ መጽሐፉ ሲወሰድ የመጽሐፉን ፍጻሜ ይዞ ይመጣል፤ ከምዕራፉ ሲወሰድ ግን ጥያቄ ሆኖ ይቀራል።

መፈተኛም ሰጠች፤ እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጻፍና ጎኑ ላይ የገጽ ቁጥር አስቀምጥ አለችው። ቁጥር ያጣህለት ዓረፍተ ነገር ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ቁጥሩ ከምዕራፉ መጨረሻ ካለፈ ሰርዝ። ቁጥር የሌለው ከሆነ ግን የበለጠ ተጠንቀቅ፤ ምክንያቱም ያቺ ናት የአንተ የቅድሚያ እውቀት። ከዚያ ከሰባተኛው ያላለፈ አንድ ሰው አስነብበውና ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል ብለህ ጠይቀው። እርግጠኛ ሆኖ ከመለሰ ማጠቃለያው አሳብቋል።

6ኛ መልስ

አንድ ሰው ስለ አንበጣው መጣ። ምዕራፉ መሐል ላይ ብዙ ዘመን ያልታየ የአንበጣ መንጋ ኡሙኦፊያ ላይ ይወርዳል። እሱ አንበጣው ምንን እንደሚወክል በልበ ሙሉነት ጻፈና ማጠቃለያው ውስጥ ይህ ፍቺ ይግባ፣ ካልሆነ አንበጣው ከነጭራሹ ይውጣ፣ ታሪኩን አያንቀሳቅሰውም አለ። ምን እንደሚወክል ያለውን እዚህ አልጽፍም። ለምን እንደሆነ ቀጣዩ መልስ ይናገራል።

7ኛ መልስ

አስተማሪዋ ተመለሰች፤ የአሁኑ ድምፅዋ ጠንከር ያለ ነው። ያ ንጽጽር ሰባተኛው ምዕራፍ ውስጥ የለም አለች። የሚመጣው በመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሰባተኛው ላይ ያለ አንባቢ ሊያውቀው አይችልም፤ ስለዚህ ፍቺ ሳይሆን ማሳበቅ ነው። ጽሑፉን እንዲያርመው ጠየቀችው።

አንበጣው ይውጣ የሚለውንም አልተቀበለችም። ሰባተኛው ውስጥ አንበጣ ደስታ ነው። ሰው ሌሊት ወጥቶ በቅርጫት ይለቅማል፣ በሸክላ ይጠብሳል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ በዘምባባ ዘይት ይበላል። ኦኮንኮ ከሁለቱ ልጆች ጋር ተቀምጦ አንበጣ እየቆረጠመ፣ የዘምባባ ጠጅ እየጠጣ ሳለ ነው ሽማግሌው ኦግቡኤፊ እዜውዱ የሚገባው። እዜውዱ ኦኮንኮን ወደ ውጭ ይጠራዋል። ልጁ አባቴ እያለ እንደሚጠራው ያስታውሰዋል፤ በሞቱ እጅህን አታስገባ ይለዋል። ደስታውና መርዶው በአንድ ቁጭታ ነው የመጡት። አንበጣውን ካወጣኸው እዜውዱ ከባዶ ቤት ገባ ማለት ነው።

8ኛ መልስ

ከዚያ ወሬው ትንሽ ወጣ አለ። አንድ ከምሥራቅ የአገራችን ክፍል የመጣ ሰው ስለ ራሱ ቤተሰብ ጻፈ። በ2012 የበረሃ አንበጣ ሲመጣ ዘመዶቹ ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ እየጮኹ ማሽላቸውን ለማዳን ሲሮጡ ነበር። አንበጣ መጣ ሲባል የሚደሰት ሕዝብ እንዴት ይኖራል? መጽሐፉን ሲያነብ እዚህ ቦታ ላይ ደንግጦ ተመልሶ እንዳነበበው ተናገረ። ከልቡ ነው የጠየቀው።

ሁለት ሰዎች ርዕስ አትቀይር ብለው ተቆጡት። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

9ኛ መልስ

ይኼ የእኔ ነው። የጻፍኩት ለእሱ ቁጣ አይገባውም ብዬ ነው። ለአቼቤ መንደር አንበጣ ምግብ ነው፤ ለእኛ ገበሬ መዓት ነው። ማጠቃለያው አንበጣ መጣ ብሎ ብቻ ካለፈ አዲስ አበባ ያለ አድማጭ ጥፋት መጣ ብሎ ይሰማዋል። የምዕራፉ ቅርጽ በዚያው ይገለበጣል፤ ከደስታ ወደ መርዶ መሄዱ ቀርቶ ከመዓት ወደ መዓት ይሆናል። ስለዚህ ሕዝቡ እንደተደሰተ በግልጽ ይጻፍ። አንድ ሐረግ ይበቃል። የእኛ ክበብ ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቦ መጻፍም የአጠቃላዩ ሥራ ነው።

10ኛ መልስ

ጠቡ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ክበብ ያላት አንዲት ሴት ቆጣ ብላ መጣች። ሁላችሁም ስለ መጽሐፉ መጨረሻ ትጨነቃላችሁ፣ የልጁን መገደል ግን እንደ ተራ ነገር ትጽፉታላችሁ አለች። የእሷ ክበብ ውስጥ ግማሹ ሰው ምዕራፉን ሳያነብ ነው የሚመጣው። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ ትራንስፖርት አለ። አጠቃላዩ ተነስቶ ልጁ ተገደለ ሲል እነዚያ ሰዎች ምዕራፉን ማንበብ ይተዋሉ። በዓይኗ አይታዋለች። ስለዚህ ግድያው ከማጠቃለያው ይውጣ።

11ኛ መልስ

አንድ የባንክ ሠራተኛ በዚያው ቃና መለሰላት። ግድያው የሌለበት የሰባተኛው ምዕራፍ ማጠቃለያ ምንድን ነው፣ የጉዞ ማስታወሻ ነው? ደግሞስ አቼቤ ራሱ የመጀመሪያው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ልጁ ለሞት የታጨ እንደሆነ ተናግሮ የለም? ደራሲው ያልደበቀውን እኛ ለምን እንደብቃለን? ሳያነብ የሚመጣ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው።

12ኛ መልስ

የሴትየዋ መልስ ግን ጥሩ ነበር፤ ቁጣው ውስጥ ትልቅ ነገር አለ። ደራሲው የተናገረው ልጁ እንደማይተርፍ ነው። በማን እጅ እንደሆነ አልተናገረም። አንባቢ እስከ ሰባተኛው ድረስ ሞቱን እየጠበቀ ይመጣል፤ የመጨረሻውን ምት ማን እንደሚመታ ግን አይጠብቅም። ምዕራፉን የሚያስደነግጠው መሞቱ አይደለም፤ እሱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተናግሯል የሚለው መከራከሪያ አያስኬድም አለች። የባንክ ሠራተኛው ይህን ነጥብ ተቀበለ። ሳያነብ የሚመጣን ሰው መጠበቅ አለብን የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው አልተቀበለም።

13ኛ መልስ

አስተማሪዋ መካከላቸው ገባች። ሁለታችሁ የምታወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ነው አለች። ከንባብ በፊት የሚላክ ማጠቃለያ አለ፤ ከንባብ በኋላ ጮክ ተብሎ የሚነበብም አለ። የመጀመሪያው በቴሌግራም ቀደም ብሎ የሚላከው ነው፤ እሱ እዜውዱ ኦኮንኮን ወደ ውጭ ሲጠራው ይቁም፣ ምን እንዳለውም አይጻፍ። ሁለተኛው ውይይት መክፈቻ ስለሆነ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ይሂድ፤ ያለዚያ ውይይቱ ስለ ምን ይሆናል? አንዱን ጽሑፍ ለሁለቱም መጠቀም ነው ስህተቱ።

14ኛ መልስ

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ሰው ስለ ጭብጡ ጻፈ። ረቂቁ የምዕራፉ ጭብጥ ጭካኔ ነው ይላል። እሱ አይደለም ባይ ነው። ጽሑፉ ኦኮንኮ ለምን ገጀራውን እንደመዘዘ በግልጽ ይናገራል፤ ደካማ ነው እንዳይባል ፈርቶ ነው። እንዲያውም ግድያው ሲጀመር ከኋላ ቀርቷል፣ የመጀመሪያው ሰው ገጀራ ሲያነሳ ፊቱን አዙሯል። ጨካኝ ሰው ፊቱን አያዞርም። ልጁ አባቴ እያለ ወደ እሱ ሲሮጥ ነው ፍርሃቱ ያሸነፈው። ስለዚህ ጭብጡ ፍርሃት ነው፤ ደካማ መስሎ እንዳይታይ የሚፈራ ሰው።

ከዚያ ጥያቄ አድርጎ አቀረበው። እዜውዱ ልጁን አትግደሉት አላለም፤ እጅህን አታስገባ ነው ያለው። ጎሳው ይገድላል፣ አንተ ግን ራቅ ማለት ነው። ይህ ልዩነት ለኦኮንኮ ለምን አልታየውም? ክበቡ በዚህ ብቻ አንድ ሰዓት ሊያወራ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ከሰባተኛው ምዕራፍ ገጽ አይወጣም፤ ወደፊት የሚሆነውንም አይነካም።

ግን እዚያው ላይ የኦኮንኮ ወዳጅ ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ የሚናገረውን ጨመረበት።

15ኛ መልስ

የአሥረኛው መልስ ሴት አልማረችውም። ስምንተኛው የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፣ አንሳልን አለችው። እሱም ስምንተኛው የመጽሐፉ መጨረሻ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ጥያቄው መጨረሻውን ስላለመናገር ነው እንጂ ስለሚቀጥለው ምዕራፍ አይደለም፤ የወዳጁ አነጋገር ደግሞ ለውይይቱ እጅግ ይጠቅማል። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው ገባበት። ግማሹ የእሷን፣ ግማሹ የእሱን ያዘ። አንዳንዱ ስድብ ቀረሽ ነበር፤ እሱን ልተወው። ይህ ጉዳይ ሳይቋጭ ነው የቀረው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ያ አነጋገር ለክበቡ መልሱን አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ አባላቱ ራሳቸው አንድ ሳምንት ቢያስቡበትና ከዚያ ቢያገኙት ይሻላል።

16ኛ መልስ

ጠያቂው አዲስ ረቂቅ ይዞ መጣ። በጣም ተለውጧል። ግማሽ ገጽ ነው።

በልጁ ይጀምራል። ካሳ ሆኖ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ሽማግሌዎቹ የረሱት ይመስላል። ቤቱን ለምዷል፤ ንዎዬን እንደ ወንድም ቀይሮታል፤ ኦኮንኮ በልጁ መለወጥ በውስጡ ይደሰታል፣ በግልጽ ግን አያሳይም። ከዚያ የንዎዬ ሁለት ዓይነት ተረቶች አሉ። ከዚያ አንበጣው፣ ሕዝቡ እንደተደሰተም ተጽፏል። እዜውዱ ይመጣል። በማግስቱ ከዘጠኙ መንደሮች ሽማግሌዎች መጥተው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ። ለልጁ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ይነገረዋል፤ ንዎዬ ሲያለቅስ አባቱ ይደበድበዋል።

ከዚያ ጉዞው። ልጁ የጠጁን እንስራ በጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰዎቹ እየቀለዱ ነው፤ ዱሩ እየጠበበ ሲሄድ ዝም ይላሉ። ልጁ በሆዱ የልጅነት ዘፈን እየዘፈነ በእርምጃው ዕጣ ይጥላል፤ ዘፈኑ በቀኝ እግሩ ላይ ካለቀ እናቱ በሕይወት አለች። ከዚያ የሆነው በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል፣ ያለ አንድ ቅጽል። መጨረሻ ላይ ሁለት ጥያቄ፤ አንዱ የእዜውዱ ነው፣ ሌላው ኦኮንኮ የፈራው ማንን እንደሆነ ይጠይቃል።

ወደፊት የሚያይ ቃል አንድም የለበትም። ዘፈኑን መተዉ ቀላል ነበር፤ ማስገባቱ አስደስቶኛል። አቼቤ ግድያው አጠገብ ያደረሰን በዚያ የልጅ ጨዋታ ነው።

17ኛ መልስ

አስተማሪዋ አንድ ቃል ብቻ አነሳች። ረቂቁ ልጁ ምንም ሳያውቅ ተከተላቸው ይላል። እንደዚያ አይደለም አለች። ወደ አገርህ ትመለሳለህ ሲባል እናቱንና እህቱን እንደማያያቸው በሆነ መንገድ ታውቆታል። ሰዎች ከወላጅ አባቱ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ያወሩበት ያ የድሮው ቀን ትዝ ብሎታል። መንገድ ላይ ግን ፍርሃቱ ለቀቀው፤ ከኋላው ኦኮንኮ ስላለ። ምንም ሳያውቅ ካልን ልጁን ሞኝ እናደርገዋለን፤ የተጽናናበት ሰው ማን እንደነበረም ይጠፋል። ቃሉ ይውጣ፣ ፈርቶ እንደነበረና ኦኮንኮ ከኋላው በመሆኑ እንደተረጋጋ ይጻፍ።

የሁለተኛው መልስ ሰው ተመልሶ ስለ ምዕራፉ ማብቂያ ጠየቀ። ግድያው ካለቀ በኋላ ንዎዬ አባቱ ሲገባ ነገሩን ያውቃል። ውስጡ የሆነ ነገር ይበጠሳል፤ አያለቅስም። ከዚያ ጽሑፉ ወደ ኋላ ሄዶ ባለፈው የመከር ጊዜ ከእርሻ ሲመለሱ ዱር ውስጥ የሰሙትን የሕፃን ልቅሶ ያስታውሳል፤ መንትዮች ተወልደው በሸክላ ተደርገው የሚጣሉበት ዱር ነው። ይህ ከታሪኩ ውጭ ስለሆነ ቢዘለልስ አለ። አንድ ሌላ ሰውም ደገፈው።

18ኛ መልስ

የአሥረኛው መልስ ሴት ናት የመለሰችው፤ በዚህኛው ቁጣ የለም። እሱን ከዘለልክ ንዎዬ የተሰበረው ስለ ወንድሙ ብቻ ይሆናል አለች። ጽሑፉ የሚለው ግን ያንኑ ስሜት ቀድሞ አንድ ጊዜ እንደተሰማው ነው፣ ያኔም የጎሳው ልማድ አንድ ሕፃን ዱር ውስጥ ትቶ ሲሄድ። ሁለቱ በንዎዬ ውስጥ ተገናኙ። ምን ያመጣል የሚለው አይጻፍ፤ መገናኘታቸው ግን ይጻፍ። ደራሲው ምዕራፉን የዘጋው እዚያ ላይ ነው፣ አጠቃላዩም እዚያው ያቁም።

ጠያቂው ቃሉን አስተካክሎ፣ የመንትዮቹን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ጨምሮ ለጠፈው። ከጎኑ የገጽ ቁጥር ጻፈበት። ከሰባተኛው ያላለፈች አንዲት የክበቡ አባል አንብባው ቀጥሎ ምን ይሆናል ስትባል ሦስት የተለያዩ ግምቶች ሰጥታለች ብሎ አክሏል።